ቆርጣችሁ ያስገባችሁት ሰው የተለጠፈ እንዳይመስል፦ ላይት ራፕ በፎቶሾፕ

ሐዋሳ ውስጥ የምረቃ ሰሞን ሲመጣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ተመራቂውን ስቱዲዮ ውስጥ አነሳሁት። ቆርጬ አወጣሁትና ጀርባው ላይ ሐይቁን ከነጀንበሯ አስገባሁ። አቆራረጡ ንጹሕ ነው፤ ግን የተለጠፈ ይመስላል። ምን ጎደለው?» አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ላይት ራፕ ነው፤ ከጀርባው ወደ ሰውዬው ጠርዝ የሚፈሰው ብርሃን ማለት ነው። ስለዚህ አሠራሩን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ብሩህ ሰማይን ከኋላው አድርጎ ሲቆም ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ደርሶ አይቆምም። ከፊሉ ጆሮውን፣ ትከሻውንና ፀጉሩን ከጎን ይነካል። ከፊሉ ደግሞ ካሜራው ሌንስ ውስጥ ይበተንና ጨለማው ክፍል ላይ ይፈሳል። ስለዚህ እውነተኛ ፎቶ ላይ የጥቁር ልብስ ዳር ድፍን ጥቁር አይደለም። ትንሽ ይፈዛል፣ የሰማዩንም ቀለም ይይዛል። ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳው ሰው ግን ይህ የለውም። ጋውኑ እስከ መጨረሻዋ ፒክስል ድረስ ጥቁር ነው፣ ቀጣይዋ ፒክስል ብሩህ ሰማይ ናት። ዓይን ወዲያው የሚይዘው ይህንን ነው።

አሠራሩን በአንድ ፎቶ ላይ እንየው። ጥቁር ጋውን የለበሰ ተመራቂ አለ። አጠገቡ እናቱ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል። ሁለቱም ከጉልበት በላይ ይታያሉ። ፎቶው ቁመቱ 4000 ፒክስል ነው። ጀርባው የሐዋሳ ሐይቅ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የተነሳ። ይህን የመረጥኩት ጥቁርና ነጭ ልብስ አንድ ላይ ስላለበት ነው። ላይት ራፕ ሁለቱ ላይ እኩል አይሠራም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- Select and Mask ያለው ፎቶሾፕ። እዚህ የምጽፋቸው ቁልፎች የዊንዶውስ ናቸው። ማክ ላይ Ctrl ባልኩበት Command፣ Alt ባልኩበት Option ተጠቀሙ።
- አንድ ወጥ ቀለም ባለው ጀርባ ፊት የተነሳ የሰው ፎቶ። ግራጫ ጀርባ ከአረንጓዴ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አለ።
- ሰው የሌለበት የጀርባ ፎቶ። መጠኑ ከሰዎቹ ፎቶ ጋር ተቀራራቢ ይሁን።
- የሁለቱም ፎቶ ቅጂ። ኦሪጅናሉ ላይ አትሥሩ።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አረጋግጡ።

ሐይቁ ከከተማችን በስተምዕራብ ነው። ወደ ሐይቁ ዞራችሁ አመሻሽ ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ፀሐይዋ ከፊታችሁ ናት፤ እዚያ የሚቆም ሰው ብርሃኑ ከጀርባው ነው የሚመጣለት። ይህ ላይት ራፕ በደንብ ይፈልጋል። ያንኑ ቦታ ጠዋት ብታነሱት ግን ፀሐይዋ ከኋላችሁ ናት። ሰማዩ ሰማያዊና ረጋ ያለ ይሆናል፣ የሰውዬውም ፊት በሙሉ ይበራል። እዚያ ላይ ጠንካራ ራፕ ብትጨምሩ ስህተት ነው፤ በጣም ትንሽ ይበቃዋል።

በተጨማሪ ፀሐይዋ በየትኛው ጎን እንዳለች እዩ። በእኛ ፎቶ ከተመራቂው ትከሻ በስተቀኝ ናት። ስለዚህ የእሱ ቀኝ ዳር ከእናቱ ዳር ይልቅ መብራት አለበት። ይህን ካሁኑ ካላወቃችሁ መጨረሻ ላይ ውጤቱ ልክ መሆኑን መለየት አትችሉም።

2. አቆራረጡን አጽዱ።

ሰዎቹን በ Select and Mask ቁረጡና Output To የሚለው ላይ Layer Mask ምረጡ። ማስኩ ሌየሩ ላይ መቅረት አለበት፤ ስድስተኛው ደረጃ ላይ እንፈልገዋለን።

አሁን 100% አጉሉና ፀጉሩን፣ የቆቡን ጠርዝና የነጠላውን ጫፍ ተመልከቱ። የድሮው ጀርባ ቀለም በቀጭን መስመር ቀርቶ ከሆነ አሁኑኑ አውጡት። Shift Edge ወደ ኔጋቲቭ ትንሽ ሳቡት። አረንጓዴ ከያዘ Decontaminate Colors ን ሞክሩ፤ እሱን ስታበሩ ግን Output To የሚለው ላይ New Layer with Layer Mask ምረጡ፣ Layer Mask ብቻውን አይሠራም።

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ «ራፑ ይሸፍነዋል» ብሎ ያስባል። አይሸፍነውም። እንደውም ራፑ ያለው ላይ ብርሃን ስለሚጨምር ነጯ መስመር ይበልጥ ትነጣለች፣ አረንጓዴዋም ይበልጥ ታበራለች። ግራጫ ጀርባ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ የቀረው ቢቀር ቀለም የለውም።

3. ሰዎቹን አጨልሙ።

ይህ ደረጃ የላይት ራፕ ትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው እላለሁ።

ስቱዲዮ ውስጥ የእናትየው ቀሚስ ከፊት በመብራት ተመቷል። ከ255 ላይ 245 አካባቢ ነው። እዚያ ሐይቅ ዳር ፀሐይዋን ከኋላ አድርገው ቢቆሙ ግን የቀሚሱ ፊት ጥላ ውስጥ ይሆናል። ከሰማዩ ይልቅ ይጨልማል እንጂ አይበልጠውም። ስለዚህ ከሰዎቹ ሌየር በላይ Curves ጨምሩና Ctrl+Alt+G ተጫኑ። ይህ Curves ን ከታቹ ላለው ሌየር ብቻ ያስረዋል። ከዚያ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለውን ነጥብ Output 200 እስኪደርስ ወደ ታች ሳቡት። ነጩ ወደ 190 ገደማ ይወርዳል፣ ጋውኑ ብዙም አይለወጥም።

ፊትም አብሮ ይጨልማል። ደንበኛ ደግሞ ፊቱ ጠቁሮ ማየት አይወድም። የ Curves ን ማስክ ጠቅ አድርጉ፣ ለስላሳ ብሩሽ በጥቁር ያዙ፣ Opacity 40% አድርጉና ፊቶቹ ላይ ብቻ ቀስ ብላችሁ አሹ። ግማሹን መመለስ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከመለሳችሁት ፊቱ ስቱዲዮ፣ ልብሱ ሐይቅ ዳር ይሆናል።

4. የጀርባውን ቅጂ ከላይ አስቀምጡ፣ አደብዝዙት።

የሐይቁን ሌየር በ Ctrl+J አባዙ። ቅጂውን ከሁሉም በላይ፣ ከ Curves ም በላይ ውሰዱት። ከ Curves በታች ከቀረ ራፑም አብሮ ይጨልማል።

ከዚያ Filter፣ Blur፣ Gaussian Blur። Radius 60 ስጡት። ይህ ለ4000 ፒክስል ፎቶ ነው። 2000 ለሆነ ፎቶ 30 በቂ ነው።

የምናደበዝዝበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚፈሰው ብርሃን ቅርጽ የለውም። ካልተደበዘዘ የጀልባው ምሰሶ ወይም የዛፉ ቅርንጫፍ ጋውኑ ላይ በግልጽ ታትሞ ይታያል፤ ሰውዬው መስታወት ይመስላል። በጣም ካደበዘዛችሁት ደግሞ ጀርባው በሙሉ አንድ ቀለም ይሆንና ከፀሐይዋ በኩል ያለው ዳር ከሌላው አይለይም።

አሁን ይህን ቅጂ Ctrl+Alt+G ብላችሁ እንደ Curves ሁሉ ከሰዎቹ ጋር እሰሩት። ደብዛዛው ሐይቅ ሰዎቹ ቅርጽ ውስጥ ብቻ ይታያል። አትደንግጡ፣ ለጊዜው ሰዎቹን ሸፍኗቸዋል።

5. Screen አድርጉት፣ ጨለማውን አውጡ።

የሌየሩን ሞድ ከ Normal ወደ Screen ቀይሩ። Screen ብርሃን ይጨምራል እንጂ አያጨልምም። ጥቁር የሆነ ነገር ምንም አይጨምርም። የምንፈልገውም ይህ ነው፤ ብሩህ ሰማይ ባለበት ራፕ ይኖራል፣ ጨለማ ባለበት አይኖርም።

ግን ከሐይቁ ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ድፍን ጥቁር አይደሉም። ግራጫ ናቸው፣ ስለዚህ ትንሽ ጭጋግ ይጨምራሉ። Ctrl+L ተጫኑና በስተግራ ያለውን ጥቁር ማንሸራተቻ 40 አካባቢ አድርሱት። ኮረብታው ባለበት በኩል ጋውኑ ወደ ጥቁርነቱ ሲመለስ አቁሙ። አብዝታችሁ ከሳባችሁ ብርቱካናማው ከልክ በላይ ይደምቃል። ደምቆ ከሆነ Ctrl+U ብላችሁ Saturation ቀንሱ።

6. ጠርዙ ላይ ብቻ እንዲቀር ማስክ አድርጉ።

እስካሁን ብርሃኑ ሰዎቹን በሙሉ ሸፍኗል። አሁን ወደ ዳር እንገፋዋለን።

Ctrl ይዛችሁ የሰዎቹን ሌየር ማስክ ትንሿን ምስል ጠቅ አድርጉ። ሰዎቹ በሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ መስመር ይመረጣሉ። ከዚያ ደብዛዛውን ሌየር ምረጡ። Alt ይዛችሁ ከታች ያለውን Add layer mask ጠቅ አድርጉ። ሰዎቹ ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ የሆነ ማስክ ይወጣል። ብርሃኑ በሙሉ ይጠፋል፤ ልክ ነው።

አሁን ይህ አዲሱ ማስክ መመረጡን አረጋግጡ። ትንሿ ምስል ዙሪያዋን ክፈፍ ይዛ ትታያለች። Gaussian Blur እንደገና፣ Radius 20። ነጩ ከውጭ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ዳሩ ላይ ግማሽ ያህል ይሆናል፣ ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር እየቀነሰ ይጠፋል። ወደ ውጭ የፈሰሰው አይታይም፣ ምክንያቱም ሌየሩ ከሰዎቹ ጋር ታስሯል።

የራፑን ስፋት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። 60ው የብርሃኑን ልስላሴ፣ 20ው ስፋቱን ነው የሚቆጣጠሩት። ሁለቱን እያምታቱ የሚቸገሩ አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብለሩን ስትሰጡ የሰዎቹ ማስክ ተመርጦ ከሆነ አቆራረጣችሁ በሙሉ ይደበዝዛል። የፀጉር ሥራችሁ አብሮ ይሄዳል። ጠርዙ ድንገት ጭጋግ ከመሰለ ወዲያው Ctrl+Z።

7. ኃይሉን ወስኑ።

የሌየሩን Opacity ወደ 60% አውርዱና ከዚያ በዓይናችሁ አስተካክሉ። ምን እየሆነ እንዳለ በቁጥር እንየው።

ከተመራቂው ቀኝ ትከሻ ጀርባ ያለው ደብዛዛ ሰማይ ቀይ 235፣ አረንጓዴ 190፣ ሰማያዊ 130 ነው እንበል። ጋውኑ በሦስቱም 20 ነው። ዳሩ ላይ ማስኩ ግማሽ፣ Opacity 60% ስለሆነ የሚደርሰው ብርሃን 30% ነው። የጋውኑ ዳር ወደ ቀይ 85፣ አረንጓዴ 73፣ ሰማያዊ 56 ገደማ ይወጣል። ከጥቁር ወደ ሞቅ ያለ ቡናማ ሄደ ማለት ነው። ይህ በደንብ ይታያል።

እናትየው ጋ እንሂድ። ሦስተኛውን ደረጃ ዘላችሁት ቢሆን ኖሮ ቀሚሱ 245 ነበር። በዚሁ ስሌት ቀዩ የሚጨምረው 3 ያህል ብቻ ነው። ማንም አያየውም። «ጋውኑ ላይ ሠራ፣ ነጩ ላይ ግን እምቢ አለኝ» የሚሉኝ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው። ወደ 190 ስላወረድነው ግን ወደ 208 ይወጣል፣ ይህም ይታያል። Screen ቀድሞ የነጣ ነገር ላይ የሚጨምረው ቦታ የለውም።

ልከኛው መጠን የትኛው ነው? ፎቶውን በሙሉ ስክሪኑ ላይ አድርጋችሁ የሌየሩን የዓይን ምልክት አጥፉና አብሩ። ስታጠፉት ሰዎቹ የተለጠፉ ከመሰሉ፣ ስታበሩት ደግሞ ብርሃኑን ለይታችሁ «ይኸው» ማለት ካቃታችሁ፣ ደርሳችኋል። ስታበሩት ዙሪያቸውን የሚያበራ ቀለበት ከታያችሁ በዝቷል። አጉልታችሁ አትወስኑ፤ ሲጎላ ሁልጊዜ ያነሰ ይመስላል፣ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ።

8. ቦታ ቦታውን በእጅ አስተካክሉ።

ማስኩ ጨርቅን ከጣት አይለይም። የሚለየው የእናንተ ዓይን ነው። የራፑን ማስክ ምረጡ፣ ለስላሳ ብሩሽ ያዙና Flow 10% አድርጉ። ነጭ ሲቀቡ ብርሃን ይጨምራል፣ ጥቁር ሲቀቡ ይቀንሳል።

ነጠላው ላይ ጊዜ ስጡ። ነጠላ ስስ ጥጥ ነው፣ ብርሃን በዳሩ ብቻ ሳይሆን በውስጡም ያልፋል። ከትከሻ ወርዶ በአየር ላይ የተንጠለጠለውን ክፍል በነጭ ቀባ ቀባ አድርጉት፣ ራፑ ወደ ውስጥ ይግባ። ትከሻ ላይ የተደራረበው ግን እጥፍ እጥፍ ስለሆነና ከኋላው ሰውነት ስላለ እንዳለ ይቆይ። ጥለቱን አትንኩት። ጥለት ወፈር ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ በተቃራኒው ከሚያበራው ስስ ጨርቅ አጠገብ ጨለም ብሎ ሲታይ ነው ነጠላው እውነተኛ የሚመስለው። ጥለቱ ከፈዘዘ በጥቁር መልሱት።

ቀጫጭን ነገሮችን ፈትሹ። የቆቡ ዘርፍ፣ ጣቶች፣ የመነጽር እጀታ። እነዚህ ከ20 ፒክስል ብለር አንጻር ቀጭን ስለሆኑ ብርሃኑ ከሁለቱም በኩል ገብቶ መሃላቸው ላይ ይገናኛል። ዘርፉ ክር ስለሆነ ቢያበራ ያምርበታል። ጣት ግን ሻማ መምሰል የለበትም፤ በጥቁር ትንሽ አውርዱት።

በክንድና በወገብ መካከል ጀርባው የሚታይበት ክፍተት ካለ እዚያም ራፕ መኖር አለበት። ክፍተቱ በትክክል ተቆርጦ ከሆነ በራሱ ይመጣል። ካልመጣ ክፍተቱ አልተቆረጠም ማለት ነው፣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ።

ሰዎቹ እስከ እግራቸው የሚታዩ ቢሆን ጫማቸው መሬት የሚነካበትን ቦታ በጥቁር አጥፉት። እዚያ ከኋላ ሰማይ የለም፣ ጥላ ነው ያለው። እግር ላይ ራፕ ካለ ሰውዬው ተንሳፍፎ ይታያል።

9. የፎቶውን ጥቃቅን ነጠብጣብ አመሳስሉ።

ደብዛዛው ሌየር ፍጹም ልሙጥ ነው፤ የስቱዲዮው ፎቶ ግን ጥቃቅን ነጠብጣብ አለው። ስታጎሉ ዳሩ ፕላስቲክ ይመስላል። ማስኩን ሳይሆን የሌየሩን ምስል ምረጡና Filter፣ Noise፣ Add Noise 1 ወይም 2% ስጡት። Monochromatic ላይ ምልክት አድርጉ፣ አለበለዚያ ባለቀለም ነጥቦች ይወጣሉ።

ከዚያ በ PSD አስቀምጡ። ለደንበኛ የምትልኩትን JPEG ለብቻ አውጡ። የሕትመት ቤቱ ወረቀት ከስክሪናችሁ ጨለም ብሎ የሚወጣ ከሆነ ተመልሳችሁ Opacity ማስተካከል ትፈልጋላችሁ።

የሚደጋገሙ ስህተቶችና ምልክታቸው

*ብርሃኑ ፊት መሃል ላይ ነው፣ ዳሩ ጨለማ ነው።* ማስኩ ተገልብጧል። Alt ሳትይዙ ነው የጨመራችሁት። ማስኩን ምረጡና Ctrl+I ተጫኑ።

*ብርሃኑ ከሰዎቹ ውጭ ሰማዩ ላይ ፈሷል።* ሌየሩ አልታሰረም። ከጎኑ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት መኖር አለባት፤ ከሌለች Ctrl+Alt+G።

*ዙሪያውን እኩል የሆነ ነጭ መስመር።* ይህ ብዙውን ጊዜ Inner Glow የተጠቀመ ሰው ሥራ ነው። Inner Glow በራስ ዙሪያና በክርን ዙሪያ አንድ ዓይነት ቀለም ነው የሚሰጠው። እውነተኛው ራፕ ፀሐይዋ ጋ ቢጫ፣ ከፍ ሲል ሐምራዊ፣ ኮረብታው ጋ ደግሞ ምንም ነው። ቀለሙን ከጀርባው ቅጂ የምንወስደው ለዚህ ነው። Inner Glow ተጠቅማችሁ ካልሆነ የድሮው ጀርባ ጭራ ነው፤ ሁለተኛውን ደረጃ እዩ።

*ለስላሳው ብርሃን ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይታያል።* ፋይሉ 8 ቢት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት Image፣ Mode፣ 16 Bits/Channel ብትሉት ይሻላል። ሌየሮቹ ይዋሃዱ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ አታዋህዱ።

*ጀርባውን ቀየርኩት፣ ራፑ የድሮው ጀርባ ቀለም ሆኖ ቀረ።* ቅጂው በራሱ አይቀየርም። አዲሱን ጀርባ አባዙ፣ አደብዝዙ፣ Screen አድርጉና እሰሩት። ማስኩን እንደገና መሥራት ግን አያስፈልግም፤ Alt ይዛችሁ ከድሮው ሌየር ወደ አዲሱ ጎትቱት፣ በእጅ ያስተካከላችሁት ነጠላም አብሮት ይመጣል። ከዚያ ግን አዲሱ ፀሐይ በየትኛው ጎን እንዳለች እዩ። ሰዎቹ ላይ ያለው የስቱዲዮ መብራት ከግራ መጥቶ አዲሷ ፀሐይ በቀኝ ከሆነች ራፕ ብቻውን አያስታርቃቸውም፤ ሌላ ጀርባ ፈልጉ።